ሳይታወቀን ማየት እንችላለን? በብላይንድሳይት ላይ የሚቆም የድርሰት ንድፍ አሠራር

ሥነ ልቦና ወይም ፍልስፍና የሚማር ሰው «ንቃተ ኅሊና ሳይኖር ማየት ይቻላልን? በማስረጃ መርምሩ» የሚል ጥያቄ አንድ ቀን ይደርሰዋል። አብዛኛው ተማሪ ወዲያው ወደ ብላይንድሳይት ይሮጣል። አእምሮው ላይ ጉዳት የደረሰበት ሰው «ምንም አይታየኝም» እያለ የተደበቀበትን ነገር በጣቱ ሲያመለክት ይተርካል፣ ይደነቃል፣ «ስለዚህ ይቻላል» ብሎ ይዘጋል። የተጠየቀው ግን ታሪኩ ሳይሆን ታሪኩ ምን ያህል እንደሚያስረዳ ነው። የሚከተለው ንድፍ 2000 ቃል ገደማ ለሚሆን ድርሰት የተሰናዳ ነው። ቃላቱን በክፍሎቹ እኩል አታካፍሉ፤ ግማሽ ያህሉን ለአምስተኛውና ለስድስተኛው ደረጃ አስቀሩ፤ ክርክሩ የሚወሰነው እዚያ ነው።

1. ሁለቱን ዋና ቃላት መጀመሪያ ወስኑ

ማየት ስንል ምን ማለታችን ነው? ብርሃን ዓይን ላይ ሲበራ ብሌን ይጠብባል፤ ይህን ማንም «አየ» አይለውም። ስለዚህ ከዚህ ከፍ ያለ መስፈርት ያስፈልጋችኋል። ሁለት ነገሮችን የያዘ ትርጉም ጻፉ፦ ምላሹ ውጭ ስላለው ነገር (ስላለበት ቦታ፣ ስለ አቅጣጫው፣ ስለ ቅርጹ) የሚናገር መሆን አለበት፤ ደግሞም የሰውየው የራሱ መሆን አለበት እንጂ የአንድ ነርቭ ዝም ብሎ መንቀሳቀስ አይበቃም። ታይለር በርጅ የተባለው ፈላስፋ በመጀመሪያው፣ ኢያን ፊሊፕስ ደግሞ ከኔድ ብሎክ ጋር ባደረገው ክርክር በሁለተኛው ላይ አጥብቀዋል። ስማቸውን ብትጠቅሱ ጥሩ ነው፣ ግን የቃላት ጦርነት ውስጥ አትግቡ።

ንቃተ ኅሊናን ስትተረጉሙ የበለጠ ተጠንቀቁ። ሁለት ወጥመዶች አሉ። «ሰውየው በግምት ከሚገኘው በላይ በትክክል ከለየ አውቆታል ማለት ነው» ካላችሁ፣ ሳይታወቁ ማየት በትርጉም ብቻ የማይቻል ይሆናል፤ ማስረጃ ማየት እንኳን አያስፈልግም። በተቃራኒው «ሰውየው አላየሁም ካለ አላወቀውም» ካላችሁ፣ ውጤቱን ያለ ድካም በነጻ ታገኙታላችሁ። መውጫው እንዲህ ብሎ መጻፍ ነው፦ ንቃተ ኅሊና ማለት ምንም ያህል ደብዛዛ ቢሆን ለሰውየው የሆነ ነገር መሰማቱ ነው፤ የሚሰጠው ቃል የዚህ ማስረጃ ነው እንጂ ራሱ ነገሩ አይደለም። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር በኋላ ድርሰቱን ሁሉ ትሸከማለች።

2. አቋማችሁን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ

ንድፉን ከመቀጠላችሁ በፊት መድረሻችሁን እወቁ። እኔ የምመክረው አቋም ይህ ነው፦ ብላይንድሳይት ሰው «አላየሁም» የሚለው ነገር ምርጫውን ሊመራ እንደሚችል በደንብ ያሳያል፣ ነገር ግን «አላየሁም» ያለው ሰው ፈጽሞ ምንም እንዳልተሰማው ገና አያረጋግጥም። ወደ «ይቻላል» ወይም ወደ «አይቻልም» የበለጠ ማዘንበል የእናንተ መብት ነው። «ሁለቱም ወገን የራሱ ነጥብ አለው» ብሎ መቀመጥ ግን አቋም አይባልም።

3. ዋናውን ታካሚ በዝርዝር አቅርቡ

ብዙ ታካሚዎችን በየመስመሩ ከመደርደር አንዱን በደንብ ማሳየት ይሻላል። የምትመርጡት በምርምር ጽሑፎች ዲ.ቢ. ተብሎ የሚታወቀውን ነው። ይህ ሰው ከባድ ራስ ምታት የሚያመጣበት የተተበተበ የደም ሥር በአእምሮው የኋላ ክፍል ነበረበት። በ1973 (እንደ አውሮፓውያን) በቀዶ ሕክምና ሲወጣለት፣ በቀኝ በኩል ካለው የመጀመሪያው የእይታ ኮርቴክስ፣ በአጭሩ ቪ1 ከሚባለው፣ አብዛኛው አብሮ ተወሰደ። የቀኝ ቪ1 የሚያገለግለው የግራውን የእይታ መስክ በመሆኑ፣ ዲ.ቢ. በሁለቱም ዓይኖቹ ከሚያተኩርበት ነጥብ በስተግራ ያለው ጠፋበት። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል፤ የጠፋው የግራ ዓይኑ አይደለም፣ የሁለቱም ዓይኖች ግራ መስክ ነው።

ከዚያ ሎውረንስ ዋይስክራንዝ፣ ኤልሳቤጥ ዋሪንግተንና ባልደረቦቻቸው ያደረጉትን ግለጹ። ዲ.ቢ. ዓይኑን መሃል ላይ ተክሎ ሳለ በማያየው መስክ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ብርሃን ይበራል። «የት ነበር?» ሲባል «ምንም አላየሁም» ይላል። «ገምተህም ቢሆን በጣትህ አመልክት» ሲባል ግን ጣቱ ብርሃኑ ወደነበረበት ቦታ ይጠጋል። መስመሩ የቆመ ነው ወይስ የተጋደመ፣ ምልክቱ ኤክስ ነው ወይስ ክብ ተብሎ ሲጠየቅም፣ ምልክቱ በቂ ትልቅ ከሆነ፣ በትክክል ይለያል። ውጤቱ ሲነገረው ተገረመ፤ እሱ የሚያውቀው ሲገምት እንደነበር ብቻ ነው። ውጤቱ በ1974 ታተመ፤ ብላይንድሳይት የሚለው ስያሜም የመጣው ከዚሁ ቡድን ነው።

መንገዱን በሁለት ዐረፍተ ነገር ጥቀሱና እለፉ፦ ከዓይን የሚነሣው ነርቭ አብዛኛው በታላመስ በኩል ወደ ቪ1 ይሄዳል፣ ጥቂቱ ግን ሱፔሪየር ኮሊኩለስ ወደሚባለው የመሃል አእምሮ ክፍል ይገባል፤ ከታላመስም ቪ1ን ሳይነካ በቀጥታ እንቅስቃሴን ወደሚያስተናግደው አካባቢ የሚሄድ መስመር አለ። የአካል ትምህርቱ መረጃ መተላለፉ የሚቻል መሆኑን ብቻ ያስረዳል፤ መረጃው ተሰምቷል ወይስ አልተሰማም የሚለውን አይመልስም። እዚህ አንድ ገጽ የሚያባክን ተማሪ ብዙ ነው።

በዚህ ክፍል ቃላችሁን ተቆጣጠሩ። «ዲ.ቢ. ምንም ሳያይ በትክክል አመለከተ» ብላችሁ ከጻፋችሁ የምትከራከሩበትን ነገር ቀድማችሁ ወስናችሁታል። «ዲ.ቢ. ምንም እንዳላየ ተናገረ፤ ቢሆንም በትክክል አመለከተ» በሉ። «አላየም» እና «እንዳላየ ተናገረ» በሚሉት መካከል ያለው ርቀት የድርሰቱ ጭብጥ ነው።

4. ቀላሎቹን ተቃውሞዎች በፍጥነት አስወግዱ

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ብርሃኑ ዓይን ውስጥ ተበትኖ ወደ ጤነኛው መስክ ደርሶ ይሆናል» የሚል ነው። ለዚህ ጥሩ መልስ አለ። ሁላችንም ነርቭ ከዓይን በሚወጣበት ቦታ ላይ ብርሃን የሚቀበል ሕዋስ የሌለበት ትንሽ ስፍራ አለን። ብርሃኑ በዲ.ቢ. ዓይን በዚያች ስፍራ ላይ ብቻ ሲያርፍ መለየት አቃተው፤ ከእሷ ፈቀቅ ሲል ግን ቻለ። የሚበተነው ብርሃን በሁለቱም ጊዜ ያው ነው፤ ስለዚህ መበተን ብቻውን ውጤቱን አያስረዳም።

ሁለተኛው «ቪ1 ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ደሴት የመሰለ ጤነኛ ቅሪት ይኖራል» የሚል ነው። ፌንድሪች፣ ዌሲንገርና ጋዛኒጋ በ1992 በአንድ ታካሚ ላይ እንዲህ ያለ ቅሪት አሳይተዋል። ይህ ለአንዳንድ ታካሚዎች እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለሁሉም ግን አይሠራም፣ በተለይ የአንድ ወገን ቪ1 በቀዶ ሕክምና ለተወሰደባቸው ዝንጀሮዎች። ደግሞም ቅሪቱ ቢኖር እንኳ መረጃው እንዴት እንዳለፈ ነው የሚነግረን፤ ሰውየው ለምን «አላየሁም» እንዳለ አይነግረንም። ሁለቱን ተቃውሞዎች በአንድ አንቀጽ ጨርሱ።

5. የመቁረጫ ነጥብን ችግር በቁጥር አሳዩ

ከባዱ ተቃውሞ ይህ ነው፤ በ1983 ካምፒየን፣ ላቶና ስሚዝ አጥብቀው አንሥተውታል። ሁለቱ ጥያቄዎች እኩል አይደሉም። «አየህ ወይስ አላየህም?» የሚለው ሰውየው በልቡ «ከዚህ በላይ ከሆነ አየሁ እላለሁ» የሚል መቁረጫ ነጥብ እንዲያወጣ ያስገድደዋል። «ይህ ነው ወይስ ያ?» የሚለው የግድ ምርጫ ግን መቁረጫ አይፈልግም፤ ሁለቱን አወዳድሮ የበረታውን መምረጥ ነው።

የሌሊት ዘበኛ አስቡ። ለትንሹም ኮሽታ ባለቤቱን ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ ይሰደባል፣ ስለዚህ እርግጠኛ ካልሆነ ዝም ይላል። ጠዋት «ሌሊት የሰማኸው ነገር አለ?» ሲባል «የለም» ይላል። «በፊት በር በኩል ነው ወይስ በጓሮ ብትባል የቱን ትላለህ?» ሲባል ግን «በጓሮ» ይላል፣ ልክም ይሆናል። ይህ ዘበኛ ሳይታወቀው ሰማ? ወይስ ደብዛዛ ነገር ሰምቶ «ሰማሁ» ለማለት አልደፈረም?

አሁን ቁጥሩን አስገቡ። በሲግናል ዲቴክሽን ንድፈ ሐሳብ የሰው የመለየት ችሎታ ዲ-ፕራይም በሚባል መለኪያ ይገለጻል፤ ዜሮ ከሆነ ምንም አይለይም። ለማሳያ ችሎታው 1 የሆነ፣ መቁረጫ ነጥቡን ግን በጣም ከፍ ያደረገ ጥንቁቅ ሰው ውሰዱ። ብርሃን 100 ጊዜ ብናበራለት 16 ጊዜ ያህል ብቻ «አየሁ» ይላል፤ በ84ቱ «አላየሁም»። ብርሃን በሌለበት 100 ጊዜ ደግሞ በስሕተት «አየሁ» የሚለው 2 ጊዜ ያህል ነው። ከውጭ ለሚመለከተው ሰው ይህ እውርነት ይመስላል። ያንኑ ሰው፣ ችሎታውን ምንም ሳንለውጥ፣ ሁለት ጊዜ ደወል አሰምተን በአንዱ ብቻ ብርሃን እያበራን «ብርሃኑ የበራው በመጀመሪያው ደወል ነው ወይስ በሁለተኛው?» ብለን የግድ ምርጫ ብንሰጠው ከ100ው 76 ያህሉን በትክክል ይመልሳል። በግምት ብቻ 50 ነበር የሚያገኘው።

እንግዲህ በአንዱ ፈተና 84 በመቶ «አላየሁም»፣ በሌላው 76 በመቶ ትክክል፤ ይህ ሁሉ የመጣው ከአንድ ተራ፣ ደብዛዛ ግን ነቅቶ ከሚታይ እይታ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ እናንተ ያሰላችሁት ማሳያ እንጂ የዲ.ቢ. ውጤት አለመሆኑን በግልጽ ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ ፈታኙ የተፈበረከ መረጃ ይመስለዋል። ነጥቡን ለማስጨበጥ ግን ከሦስት አንቀጽ ማብራሪያ ይህ አንድ ስሌት ይበልጣል።

6. መልሱን፣ የመልሱንም መልስ አቅርቡ

የብላይንድሳይት ደጋፊ ዝም ብሎ አይቀመጥም። የምታቀርቡለት ምርጥ መልስ የአዞፓርዲና የካዊ የ1997 ሙከራ ነው። አስተሳሰቡ ቀጥተኛ ነው፦ ልዩነቱን ሁሉ ያመጣው መቁረጫ ነጥብ ከሆነ፣ የመቁረጫውን ተጽዕኖ በስሌት አውጥተን ችሎታውን ብቻ ስንለካ በሁለቱም ፈተና አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ጤነኛ ሰዎች በጣም ደብዛዛ ምስል ሲያዩ በእርግጥም አንድ ሆነ። ጂ.ዋይ. በተባለው ታካሚ፣ በልጅነቱ በመኪና አደጋ የግራ ቪ1ው በተጎዳው ሰው ግን፣ ለማይንቀሳቀስ ምስል የግድ ምርጫው ችሎታ ከ«አለ ወይስ የለም» ችሎታው በልጦ ተገኘ። ስለዚህ የጂ.ዋይ. እይታ ደብዛዛ ሆኖ የቀረ የተለመደ እይታ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ አትቁሙ፤ ጥሩ ውጤትና አማካይ ውጤት የሚለያዩት ከዚህ በኋላ ነው። ሙከራው የሚከለክለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እንደ እኔና እንደ እናንተ እይታ ሆኖ ብርታቱ ብቻ የቀነሰ» የሚለውን። «ዓይነቱ የተለወጠ፣ ለሰውየው ራሱ እንግዳ የሆነ፣ ግን የሚሰማ» የሚለውን አይከለክልም። ፊሊፕስ በ2021 የያዘው አቋም ይኸው ነው። እንግዳ በሆነ ስሜት ላይ የሚወጣ መቁረጫ ነጥብ ከሙከራ ወደ ሙከራ ሊዋልል ይችላል፤ መዋለሉ ደግሞ «አለ ወይስ የለም» የሚለውን ፈተና ብቻ ይጎዳል፣ የግድ ምርጫውን አይነካም። እንዲህ ከሆነ የአዞፓርዲና የካዊ ልዩነት ያለ ምንም የተደበቀ እይታ ሊመጣ ይችላል።

የታካሚዎቹን የራሳቸውን ቃል የምታመጡት አሁን ነው። ዲ.ቢ. ኤክስንና ክብን ሲለይ አንዳንድ ጊዜ አንዱ «ለስላሳ»፣ ሌላው «ሸካራ» የመሆን ዓይነት ስሜት እንደሚሰጠው፣ ማየት ግን እንዳልሆነ ተናግሯል። ጂ.ዋይ.ም ፈጣን እንቅስቃሴ ሲሆን አንድ ነገር እንዳለፈ ይሰማዋል። አዞፓርዲና ካዊ ለሚንቀሳቀስ ምስል ሲሞክሩት ያ ልዩነት አልታየም፤ ይህን ከጂ.ዋይ. ቃል ጋር ማያያዝ ክርክሩን በጣም ያጠነክራል። ዋይስክራንዝ ራሱ ይህን አይቶ ብላይንድሳይትን ለሁለት ከፍሎታል፦ ምንም የማይሰማበት አንደኛው ዓይነት፣ የሆነ ነገር የሚሰማበት ግን «አየሁ» የማይባልበት ሁለተኛው ዓይነት። ለእናንተ ጥያቄ የሚጠቅመው አንደኛው ብቻ ነው። ሁለተኛውን ማስረጃ አድርጋችሁ ከቆጠራችሁ በመጀመሪያው ደረጃ የጻፋችሁትን ትርጉም ራሳችሁ አፈረሳችሁት።

አንደኛው ዓይነት በእርግጥ አለ ወይ? መልሱ በምን ሚዛን እንደምትለኩ ይወሰናል። «አየህ? አላየህም?» የሚለው ሚዛን ሁለት ሳጥን ብቻ አለው፤ ለስላሳና ሸካራ የሚባለው ስሜት የሚገባበት ቦታ የለውም። ኦቨርጋርድና ባልደረቦቹ በ2008 ጂ.አር. በተባለ ታካሚ ላይ አራት ደረጃ ያለው ሚዛን ተጠቀሙ፦ ምንም፣ ብልጭታ፣ ግልጽ ለመሆን የቀረበ፣ ግልጽ። በዚህ ሚዛን ሲለካ ትክክለኛነቱ ከስሜቱ ደረጃ ጋር አብሮ ወጣና ወረደ፤ በሁለት ሳጥን ብላይንድሳይት የሚመስለው ሳሳ። እኔ በበኩሌ ከሁሉ የሚከብደኝ ማስረጃ ይህ ነው። ቢሆንም ድክመቱን ጻፉ፦ ይህ የአንድ ታካሚ ውጤት ነው፣ ጂ.አር. ዲ.ቢ. አይደለም፤ ደግሞ በየሙከራው አራት ደረጃ የሚጠየቅ ሰው ከዚህ በፊት ልብ ያላለውን መፈለግ ሊማር ይችላል።

7. «ማየት» የሚለውም ይጠየቅ

እስካሁን የተከራከራችሁት ስለ ንቃተ ኅሊና ነው። አንድ አንቀጽ ለሌላው ቃል ስጡ። ተማሪዎች የሚወዱት ምሳሌ ቲ.ኤን. ነው፤ በሁለት ተከታታይ ስትሮክ የሁለቱም ወገን ቪ1 ጠፍቶበት፣ በዱላ እየተመራ የሚሄድ ሰው ነበር። በ2008 ቤያትሪስ ደ ኸልደርና ባልደረቦቿ ዕቃ በተደረደረበት ኮሪደር ያለ ዱላ እንዲሄድ አደረጉት፣ ምንም ሳይነካ አለፈ። ትዕይንቱ ያስደንቃል፤ ለዚህ ጥያቄ ግን ከዲ.ቢ. ያነሰ ይጠቅማል። አካልን ከግጭት የሚጠብቅ ሥርዓት ዕቃውን «ወንበር» ወይም «ሣጥን» ብሎ ሳይወክል ሊሠራ ይችላል፤ ያኔ እርምጃ ተመራ እንጂ ታየ ላይባል ይችላል። መስመሩ ቆሟል ወይስ ተጋድሟል ብሎ የሚመልሰው ዲ.ቢ. ግን ስለ ነገሩ ራሱ ነው የሚመልሰው፣ መልሱም የራሱ ነው። በሌላ በኩል ዲ.ቢ. ካልተገፋ በቀር መረጃውን በራሱ ተነሣሥቶ አይጠቀምበትም፤ ይህን ደግሞ የፊሊፕስ ወገን ይጠቀምበታል።

8. ፍርዱን ጻፉ፣ ከዚያ ረቂቁን ፈትሹ

መደምደሚያው አዲስ ማስረጃ አያምጣ። በሁለተኛው ደረጃ የጻፋችሁትን አቋም አውጡና ከክርክሩ በኋላ የቱ ቃል መለወጥ እንዳለበት እዩ፤ ብዙ ጊዜ «ያሳያል» ወደ «ያመለክታል» ይወርዳል። ከዚያ ምን ዓይነት ውጤት ሐሳባችሁን እንደሚያስለውጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሩ። ለምሳሌ፦ በአራት ደረጃ ሚዛን ብዙ ጊዜ ተለክቶ፣ «ምንም» በተባለባቸው ሙከራዎች ብቻ፣ በግድ ምርጫ ከግምት በላይ የሚለይ ታካሚ ቢገኝ።

ስትፈትሹ ሦስት ነገር ፈልጉ። «አላየም» የሚል ሁሉ «እንዳላየ ተናገረ» መሆን ይገባው እንደሆነ እዩ። ታካሚዎቹን እንዳታደባልቁ ተጠንቀቁ፤ ኤክስና ክብ የዲ.ቢ. ነው፣ ፈጣን እንቅስቃሴ የጂ.ዋይ.፣ ኮሪደሩ የቲ.ኤን.። ደግሞ እያንዳንዱ አንቀጽ «ይህ ለጥያቄው ምን ጨመረ?» ሲባል መልስ ይኑረው።

ፈተና ክፍል ውስጥ ሆናችሁ 45 ደቂቃ ብቻ ካላችሁ አራተኛውንና ሰባተኛውን ደረጃ ጣሉ፣ ሦስተኛውን በግማሽ አሳጥሩ። ስሌቱን ግን አትጣሉ፤ 84ና 76 የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች ካስታወሳችሁ ቀሪውን ክርክር ከእነሱ መልሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ።